የቀድሞ አለቃሽን ሪኮመንዴሽን ስትጠይቂ “አይመቸኝም” የሚልበትን መንገድም አብረሽ ስጪው

ጥያቄ፦ “ድሬ ዳዋ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ሆኜ 2 ዓመት ተኩል ሰርቼ ከወጣሁ 3 ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ አሁን ሐረር ነኝ። አውሮፓ ለሎጂስቲክስ ማስተርስ ስኮላርሺፕ እያመለከትኩ ነው፣ የቀድሞ ሱፐርቫይዘር ሪኮመንዴሽን ይፈልጋሉ፣ ዴድላይኑ ጃንዋሪ 15 ነው። አለቃዬን ጋሼ ነበር የምለው፣ ከወጣሁ ግን አንድ ቀን ደውዬለት አላውቅም፣ አፍሬያለሁ። ምን ብዬ ልጻፍለት? እሺ ብሎኝ ባይጽፍስ?”

መልስ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው። እኔ ድሬ ውስጥ 11 ዓመት ሂውማን ሪሶርስ ላይ ሰርቻለሁ፣ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ የሌሎችንም ብዙ አንብቤያለሁ፣ እና ሰው ማመልከቻው የሚበላሽበት አለቃው እምቢ ስላለው አይደለም። እምቢ ያለሽ ሰው ጊዜ ትቶልሻል፣ በማግስቱ ሌላ ሰው ትጠይቂያለሽ። የሚጎዳሽ እሺ ብሎ የማይጽፈው ነው፣ ከሱም በላይ እሺ ብሎ ሳይወድ አራት መስመር የሚጽፈው። “ታታሪ፣ ታማኝና ከሰው ጋር ተግባቢ ነበረች፣ ወደፊትም መልካሙን ሁሉ እመኝላታለሁ” ተብሎ የተላከ ደብዳቤ መራጮቹ ጋ ሲደርስ የሚነበበው “ይሄ ሰው ስለሷ የሚለው የለውም” ተብሎ ነው።

በራሴም ደርሷል። ለአንድ ማመልከቻ ደብዳቤ ፈልጌ የድሮ አለቃዬን ከዚራ ሰፈር ሰው በተሰበሰበበት ቡና እየጠጣ አገኘሁትና እዛው ጠየቅኩት። “ላንተ ያልጻፍኩ ለማን ልጽፍ ነው!” አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሦስት ሳምንት ስደውል “ዛሬ ማታ”፣ “ነገ ጠዋት” እያለኝ ቀኑ አለፈ። በኋላ ነው የሰማሁት፣ መስሪያ ቤቱ ያለ ሥራ አስኪያጅ ፈቃድ ማንም ለወጣ ሰራተኛ ደብዳቤ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያንን ለኔ መንገር ከበደው። እምቢ የሚልበት ቦታ አልሰጠሁትም፣ ሰው ፊት ነው የያዝኩት። ያኔ በጽሑፍ ጠይቄው ቢሆን “አሁን አይመቸኝም” ብሎ ይገላገል ነበር፣ እኔም ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።

እኛ ሀገር ይሉኝታ አለ፣ ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ነውር ነው፣ ስለዚህ “አይሆንም” የሚለውን ቃል እሱ አያወጣውም፣ አንቺ ነሽ አዘጋጅተሽ የምታቀብዪው። ለዚህ ነው ደውለሽ አትጠይቂው የምልሽ። ስልክ ላይ ሦስት ዓመት የጠፋች ልጅ ድምጽ ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይመጣል፣ ከእሺ ውጪ የሚለው የለውም። አንድ ቀን ለሰላምታ ብቻ ደውዬ በሳምንቱ ልጠይቀው የሚሉም አሉ፣ እሱ ግን ሁለተኛው መልእክት ሲደርሰው የመጀመሪያው ለምን እንደነበር ይገባውና ቅር ይለዋል። የምታውቂያትን ሚስቱን ወይ የድሮ የስራ ጓደኛ አማላጅ አድርጎ መላክም አይሆንም፣ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው፣ እምቢ ለማለት የበለጠ ይከብዳል። ቴሌግራም ወይ ኢሜይል ላይ ጻፊለት፣ አንብቦት ዝም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ይኑረው፣ መደወል ከፈለገ ራሱ ይደውላል።

ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር ለዪ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ መብትሽ ነው፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሰሪ ሰራተኛው ሲወጣም ሆነ በጠየቀ ጊዜ የሰራውን ስራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ መስጠት አለበት። እሱን ከሰው ኃይል ትወስጂያለሽ፣ ጋሼን የሚመለከተው አይደለም። ሪኮመንዴሽን ግን የሱ የግል ቃል ነው፣ ማንም አያስገድደውም። ሁለቱን አደባልቀሽ “የስራ ልምድና የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍልኝ” ካልሽው “ማህተሙ እኔ ጋ አይደለም፣ አስተዳደር ሂጂ” ይልሻል፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙን መመሪያ አንብበሽ ማህተም የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን አረጋግጪና በመልእክትሽ ላይ አንድ መስመር ጻፊበት፣ እኛ ጋ ደብዳቤ ሲባል መጀመሪያ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ማህተምና የወጪ ቁጥር ነው፣ ብዙ አለቃ ወደኋላ የሚለው በዛ ነው።

አሁን መልእክቱን። ኢንቦክስ ላይ በነገርሽኝ መሰረት፣ ሰኞ ኅዳር 29 ጠዋት እንደምትልኪው አድርጌ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

“ጋሼ እንደምን አለህ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው? መጋዘን ከአንተ ጋር 2 ዓመት ተኩል ስቶር ላይ የሰራሁት ነኝ። ከወጣሁ ጀምሮ ሳልደውልልህ ቀረሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ። አሁን ሐረር ነኝ፣ ደህና ነኝ።

ዛሬ የጻፍኩልህ ልጠይቅህ ፈልጌ ነው። አውሮፓ ለሎጂስቲክስ ማስተርስ ስኮላርሺፕ እያመለከትኩ ነው፣ ስራዬን በቅርብ ያየ አለቃ አንድ ገጽ ሪኮመንዴሽን እንዲጽፍልኝ ይጠይቃሉ። ቢን ካርድ አሞላሌን፣ ቆጠራውንና ኤክስፓየር የሚያደርገው መድኃኒት ቀድሞ እንዲወጣ ያደረግነውን ከአንተ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው አንተን ያሰብኩት።

የሚዘጋው ሐሙስ ጃንዋሪ 15 ነው፣ በኛ ጥር 7። በዓላቱ እንዳይጋፉህ ግን ከተመቸህ ቅዳሜ ታኅሳስ 25 ድረስ ቢደርስ ደስ ይለኛል። ሊንክ በኢሜይል ይልኩልሃል፣ እዛ ላይ ነው የሚጫነው፣ ማህተም አያስፈልግም፣ የሚጻፈው እንደ ቀድሞ ሱፐርቫይዘሬ በራስህ ስም ነው።

ስራ ከበዛብህ፣ ወይ ጊዜው ስለራቀ በዝርዝር የማታስታውሰው ከመሰለህ፣ ወይ መስሪያ ቤቱ የማይፈቅድ ከሆነ ‘አይመቸኝም’ ብቻ በለኝ፣ ምክንያት መናገር አያስፈልግህም። ሌላ የምጠይቀው ሰው አለኝ። እስከ ሰኞ ታኅሳስ 6 መልስ ካላየሁም እንዳልተመቸህ ቆጥሬ እሱን እጠይቃለሁ፣ በኔና በአንተ መሃል ምንም አይለወጥም። እሺ ካልከኝ የሰራኋቸውን ነገሮች በአንድ ገጽ ጽፌ እልክልሃለሁ፣ ከባዶ እንዳትጀምር።

አመሰግናለሁ ጋሼ።”

ይሄው ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ለማንበብ። አንዳንዱን ለምን እንደዛ እንደጻፍኩት ልንገርሽ።

“አንተ” ያልኩት ድሬ ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ትልቅ ሰውንም አንተ ነው የምንለው፣ ጋሼ አንተ፣ እና ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። ስራ ላይ እያላችሁ አንተ ስትዪው ኖረሽ ዛሬ “እርስዎ” ብለሽ ብትጽፊለት ጉዳይ ስላለሽ ብቻ የራቅሽ ይመስላል። የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ ድሮም እርስዎ ትዪው ከነበረ ግን እርስዎ እንዳለ ይቀጥል።

ይቅርታውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አደረግኩት። ሦስት መስመር ብታደርጊው እሱ አንቺን ማጽናናት ውስጥ ይገባል፣ አጽናንቶሽ ሲያበቃ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩት፣ የሳምንቱንም ቀን ጨመርኩ። “እስከ 15” ብቻ ብትዪው ጥር 15 ሊመስለው ይችላል፣ ያኔ ከተዘጋ 8 ቀን አልፎታል። ሐሙስ የሚለው ቃል እዚህ ያድንሻል፣ ምክንያቱም ጥር 15 ሐሙስ አይውልም፣ አንዱ ስህተት እንደሆነ ካላንደር አይቶ ይይዘዋል። ሰዓቱንም አንቺ ለራስሽ እዪው፣ ፖርታሉ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 23:59 ካለ በኛ ሌሊት 8 ሰዓት ሊሆን 1 ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ ቀኑ ወደ ጥር 8 ተሻግሮ። ይሄንን ግን ለሱ አትንገሪው፣ ለሱ ቅዳሜ ታኅሳስ 25 ይበቃዋል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ሰው ዴድላይኑን ራሱን አሳጥሮ ይዋሻል፣ እኔ አልወደውም፣ አለቃሽ ሊንኩን ሲከፍት ትክክለኛው ቀን እዛ ላይ ሊያየው ይችላል። ሁለቱንም ንገሪው፣ የሚዘጋበትንም አንቺ የምትመርጪውንም፣ ከነምክንያቱ።

ምክንያቱ ደግሞ እውነተኛ ነው። ታኅሳስ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፣ ከዛ በፊትና በኋላ ያሉት ቀናት ድሬም ሐረርም መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፣ እንግዳ ያልመጣበት ቤት የለም። ታኅሳስ 29 ገና ነው፣ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት። ጥር 7 በገናና በጥምቀት መሃል ነው የገባው። ጋሼ ክርስቲያን ባይሆን እንኳ መስሪያ ቤቱ በዛ ሰሞን ግማሹ ሰው ፈቃድ ላይ ነው፣ የቀረው የሱን ስራ ይሸፍናል።

አሁን ዋናው፣ የእምቢታው አንቀጽ። ሦስት ምክንያት አስቀመጥኩለት፣ ስራ መብዛት፣ አለማስታወስ፣ የመስሪያ ቤት ፈቃድ፣ ሦስቱም ስላንቺ ያለውን ግምት አይነኩም። በልቡ “ይቺ ልጅ ለማስተርስ አትሆንም” ቢል እንኳ ከሦስቱ አንዱን ይዞ በክብር ይወጣል፣ አንቺም በክብር ትቀሪያለሽ። ምክንያት እንዳይናገር መፍቀድሽም ለዛ ነው። “ሌላ ሰው አለኝ” የሚለው ሸክሙን ያወርድለታል፣ ግን እውነት መሆን አለበት፣ ስለዚህ ከመላክሽ በፊት ሁለተኛውን ሰው አስቢ። መጋዘኑ ውስጥ የሪፖርትሽ ተቀባይ የነበረ ፋርማሲስት፣ ወይ ቆጠራ ሲመጣ አብሮሽ የሚቆጥር የፋይናንስ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ፕሮግራሙ የግድ የቅርብ አለቃ ካላለ። ለሁለቱም ባንድ ጊዜ አትላኪ፣ ሁለቱም እሺ ካሉ አንዱን መመለስ ሊኖርብሽ ነው።

ዝምታንም እንደ መልስ ቆጠርኩለት። ይሄ ብዙ ሰው የሚፈራው መስመር ነው፣ “ስልኩን ሳያይ ቢቀርስ?” ይላሉ። አንድ ሳምንት ሰጥተሽዋል፣ ከፈራሽ ታኅሳስ 4 ቅዳሜ “ጋሼ የላክሁት ደርሶሃል?” ብለሽ አንዴ ጠይቂ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምሪ። ከዛ በኋላ ሰኞ ካለፈ በቃ ወደ ሁለተኛው ሂጂ፣ አሁንም ለሱ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ አለሽ።

አንድ ትልቅ ጥፋት አለ ደግሞ። ገና እሺ ሳይልሽ ኢሜይሉን ፖርታሉ ላይ እንዳታስገቢ። ብዙ ፖርታል የሪፈሪውን አድራሻ ሴቭ ስታደርጊ ወዲያው በራሱ ደብዳቤ ይልክለታል፣ በእንግሊዝኛ፣ “ደብዳቤ እንድትጽፍ ተመርጠሃል” የሚል፣ አንቺ የጻፍሽለት የመውጫ በር ከዛ በኋላ ዋጋ የለውም። በተቃራኒው ደግሞ ሊንኩን የሚልኩት አንቺ ማመልከቻውን ሰብሚት ካደረግሽ በኋላ ብቻ የሆኑ አሉ፣ እንደዛ ከሆነ አንቺ ጥር 6 ማታ ሰብሚት ብታደርጊ ለሱ አንድ ቀን ነው የቀረው። የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ መመሪያው ላይ እዪ። የመስሪያ ቤት ኢሜይል ብቻ የሚቀበሉም አሉ፣ ጋሼ መጋዘኑን ለቆ ጂሜይል ብቻ ካለው ለፕሮግራሙ አስቀድመሽ ጽፈሽ ጠይቂያቸው። እሺ ካለ በኋላም ሊንኩ በማን ስም እንደሚመጣና ስፓም ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ንገሪው።

መልሱ ሲመጣ እንዴት ታነቢዋለሽ? “ኢንሻአላህ” ካለሽ አትደንግጪ፣ ድሬና ሐረር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋል፣ ብቻውን እሺም እምቢም አይደለም። እኔ የማየው ጥያቄ መጠየቁን ነው። ሊጽፍ ያሰበ ሰው የሆነ ነገር ይጠይቃል፣ “ምኑ ላይ ላተኩር?”፣ “ስንት ገጽ?”፣ “የት ዩኒቨርሲቲ ነው?”። “እሺ ችግር የለም፣ እናያለን፣ አስታውሺኝ” ብቻ ብሎ ካቆመ ገና አልወሰነም ወይ አልፈለገም። ያኔ በሩን አንዴ ደግመሽ ክፈቺለት፣ “ጋሼ ጊዜህን እንዳልሻማብህ ብዬ ነው፣ ከከበደህ ያንን ሌላውን ሰው ልጠይቀው?” በዪው። መጻፍ የሚፈልግ “አይ እኔ እጽፋለሁ” ይልሻል፣ የማይፈልገው “እሱ ይሻላል” ይልና እፎይ ይላል። ሁለቱም ላንቺ ጥሩ መልስ ነው።

“አንቺ ጻፊውና እኔ ልፈርም” ቢልሽስ? ይሄ እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ክፋትም የለውም፣ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛው ነው የሚከብዳቸው። ግን አትጻፊው። ደብዳቤው የሱ ምስክርነት ነው ተብሎ ነው የሚላከው፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞችም አመልካቹ እንዳያየው ይጠይቃሉ፣ በዛ ላይ ሞቲቬሽን ሌተርሽና ሪኮመንዴሽኑ በአንድ ሰው እጅ ከተጻፉ አነጋገሩ ይመሳሰላል፣ ብዙ ማመልከቻ ያነበበ ሰው ያየዋል። በምትኩ እሱ በአማርኛ በቮይስ ወይ በወረቀት የሚለውን ይበል፣ እንግሊዝኛውን እሱ የሚያምነው ሌላ ሰው ይጻፍለት፣ አንብቦ አርሞ ራሱ ይጫነው።

ያንቺ ድርሻ ያቺ አንድ ገጽ ናት። እዛ ላይ ምስጋና አትጻፊ፣ የሆነውን ብቻ። ኢንቦክስ የነገርሽኝን የ36 ካርቶኑን ነገር ለምሳሌ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የማስቀምጠው፦ “በዓመቱ ቆጠራ 36 ካርቶን ኦአርኤስ ጎደለ ተብሎ ነበር። ቢን ካርዱን ከመረከቢያ ሰነዱ ጋር መስመር በመስመር ሳመሳክር ዕቃው የገባ ቀን ሌላ ባች ካርድ ላይ እንደተመዘገበ አገኘሁ፣ ካርቶኖቹም ሌላው ረድፍ ላይ ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት አብረን ቆጥረን አንተ ፈረምክበት።” እዪው፣ “አንተ ፈረምክበት” የሚለው ነው ትዝታውን የሚቀሰቅስለት፣ ያንን ጠዋት ያስታውሰዋል፣ ያንቺን ዓረፍተ ነገር ሳይሆን የራሱን ይጽፋል። እንደዚህ ያለ ሦስት ነገር ይበቃል፣ አራተኛውን ከጨመርሽ ከሦስቱ ደካማ ነው የሚሆነው። ከዛ በታች የገባሽበትና የወጣሽበት ቀን፣ የስራ መደብሽ፣ የምታመለክቺበት ፕሮግራም ስምና ለምን እንደመረጥሽው ሁለት መስመር። ያልሰራሽውን ወይ በቡድን የሰራችሁትን የራስሽ አድርገሽ እንዳታስገቢ፣ ደውለው ሊጠይቁት ይችላሉ።

እሺ ካለሽ አንድ ማስታወሻ ብቻ ነው የምትልኪለት፣ ማክሰኞ ታኅሳስ 21፣ ከቁልቢ ሰው ሲመለስ፣ “ጋሼ እንኳን አደረሰህ፣ ቅዳሜ ያልነውን ላስታውስህ ብዬ ነው፣ ሊንኩ ካልደረሰህ ንገረኝ”። ቅዳሜ አልፎ ፖርታሉ ላይ ደብዳቤው ካልታየ እሁድ ደውዪ፣ አሁን መደወል ይቻላል፣ እሺ ብሏላ። አይመቸኝም ካለሽ ደግሞ በዛው ቀን መልሺለት፣ “ጋሼ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ ገባኝ፣ በገና እደውልልሃለሁ” ብለሽ፣ ለምን ሳትዪ፣ በገናም ደውዪለት።